ምጥ ሳይመጣ የፈሰሰ የሽርት ውሃ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ «29ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ የውስጥ ልብሴ ይረጥባል፤ ምጥ ግን የለም። ቤት ያሉት ሁሉ ሽንት ነው ይሉኛል። በምን ልለየው?»

መልስ፦ ቤት ሆነው ሊለዩት አይችሉም፤ ዛሬውኑ ማዋለጃ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። ሲሄዱ ንጹሕ ነጭ ሞዴስ ያድርጉ፤ ቀለሙና ሽታው ለሐኪሙ ይጠቅማሉ። የሽርት ውሃ እንደ ሽንት አይከረፋም፤ ከተኙበት ሲነሱም ሳይጠሩት ይወርዳል። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ስታስል ሽንትም ያመልጣታልና ከዚህ በላይ መገመት አይቻልም።

ሐኪሙ ጥቂት ጊዜ በጀርባዎ ካስተኛዎት በኋላ ስፔኩለም በሚባል ብልትን ከፍቶ በሚያሳይ ንጹሕ መሣሪያ ያያል። ውሃው ከማህፀን ጫፍ ሲወርድ፣ ከኋላ በኩል ባለው ጎድጓዳ ቦታም ሲጠራቀም ካየ ጉዳዩ አለቀ። ካላየ እንዲያስሉ ይጠይቅዎታል። አሁንም ካጠራጠረ ፈሳሹን በመስታወት ላይ ቀብቶ ያደርቅና በማይክሮስኮፕ ይመለከተዋል፤ የሽርት ውሃ ሲደርቅ ጨዉ ቅርንጫፍ እንዳለው ቅጠል ይዘረጋል። ቀለሙን የሚቀይር ወረቀትም አለ። የብልት ፈሳሽ አሲዳማ ሲሆን የሽርት ውሃ ግን አይደለም፤ ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል። ችግሩ ደም፣ የወንድ ዘር ፈሳሽና አንዳንድ የብልት ኢንፌክሽኖችም ወረቀቱን እንዲሁ ማድረጋቸው ነው። በወረቀቱ ብቻ «ፈሷል» ተብለው ከሆነ ሌላው ምርመራም እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። አልትራሳውንድ የውሃውን ማነስ ያሳያል እንጂ የውሃው መጠን ደህና መሆኑ ውሃውን የያዘው ሽፋን አለመቀደዱን አያረጋግጥም።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ምጥ እስካልያዘዎት ድረስ በጣት መመርመር የለብዎትም። ጣት በብልት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ወደ ማህፀን ጫፍ ይዞ ይወጣል፤ ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ ሊቆይ የሚችልበትንም ጊዜ ያሳጥራል። «ስንት እንደተከፈተ እንይ» ከተባሉ «በስፔኩለም ማየት አይቻልም ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ሐኪም መድፈር አይደለም።

ጥያቄ፦ «ብዙ ውሃ ብጠጣ የፈሰሰው ይተካልኛል?»

መልስ፦ መጠጣት የተቀደደውን ሽፋን አይደፍንም፤ እንደ ጥማትዎ ይጠጡ።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ በ30ኛ ሳምንቷ ሽርት ውሃዋ ፈሶ ሆስፒታል ከተኛች ስድስት ቀኗ ነው። ምንም አያደርጉላትም፤ ሙቀቷን እየለኩ ይወጣሉ። ኢንፌክሽን ሳይገባባት ለምን አያዋልዷትም?»

መልስ፦ «ምንም» የሚለውን ቃል ይተዉት፤ ሙቀት መለካቱ ራሱ የሕክምናው ዋና ክፍል ነው። ጭንቀትዎ ግን ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ሽፋኑ ሲቀደድ ማህፀንን ከብልት ባክቴሪያዎች የሚለየው ግድግዳ ይፈርሳል። በሌላ በኩል በ30 ሳምንት የሚወለድ ሕፃን ሳንባው ገና ነው፤ የአንጎሉ የደም ሥሮችም በቀላሉ ይደማሉ። በዚህ ዕድሜ ኢንፌክሽን እስካልታየ ድረስ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ለሕፃኑ ትርፍ ነው። ሐኪሞቹ የያዙት ይህን ሚዛን ነው።

ከዚህ ቀደም የተከታተልኳትን አንዲት እናት ጉዳይ ልንገርዎ። በ30 ሳምንት ከ2 ቀን መጣች። በስፔኩለም ስትታይ የተጠራቀመ ውሃ ተገኘ። ትኩሳት አልነበራትም፤ የልብ ምቷ 84፣ የሕፃኑ 145 ነበር። ለሕፃኑ ሳንባ የሚሆነው መርፌ፣ ቤታሜታዞን 12 ሚሊ ግራም፣ ተሰጣት፤ ከ24 ሰዓት በኋላም ተደገመ። አንቲባዮቲክም ጀመረች፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በደም ሥር፣ ከዚያ እስከ ሰባተኛው ቀን በአፍ። ይህ አንቲባዮቲክ ምጡን ያዘገያል፤ ኢንፌክሽንንም ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የቀረው ልክ እርስዎ የሚያዩት ሥራ ነው፤ በየአራት ሰዓቱ ሙቀትና የልብ ምት መለካት፣ የሕፃኑን ልብ ማዳመጥ፣ ሆዷን በእጅ መዳሰስ፣ ሞዴሱን ማየትና ማሽተት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሙቀቷ 37.6 ነበር። ብቻውን ቢሆን ማንንም ባላስደነገጠ። ነገር ግን የእናቲቱ የልብ ምት 112፣ የሕፃኑ ደግሞ 175 ደርሷል። ሆዷ ሲነካ ያማታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙቀቷ 38.2 ሆነ። ሚዛኑ የተገለበጠው በዚያች ሰዓት ነው። ማህፀን ውስጥ ኢንፌክሽን ከገባ በኋላ መጠበቅ የለም፤ ሳምንቱ ስንትም ይሁን መውለድ አለባት። አንቲባዮቲኩ ተለወጠ፤ 32 ሳምንት ስላልሞላትም የሕፃኑን አንጎል የሚጠብቀው ማግኒዚየም ሰልፌት ተሰጣት። የሕፃኑ ጭንቅላት ወደ ታች ስለነበረ በቀዶ ሕክምና አላዋለድናትም፤ ምጡ በመድኃኒት ተጀምሮ በተፈጥሮ መንገድ ወለደች። ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ያለ መሣሪያ ተነፈሰች። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት የተገዙት በቴርሞሜትር ነው።

ስለዚህ እርስዎም አብረው ይጠብቁ። ባለቤትዎ ራሷን ቢያማትና ፓራሲታሞል ብትፈልግ መጀመሪያ ለነርሷ ትንገር፤ ሙቀቷ ሳይለካ ከዋጠችው ትኩሳቱን ይሸፍነዋል። ነጭ የደም ሴሎቿ ከፍ አሉ ቢባል፣ የሳንባው መርፌ ራሱ ለጥቂት ቀናት ከፍ ያደርጋቸዋልና በዚያ ብቻ አይደንግጡ። ብርድ ብርድ ካላት፣ ፈሳሹ ከሸተተ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካየች ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን የሐኪሞቹን ዙር አይጠብቁ፤ ሄደው ይጥሩ። ከብልት እንደ ገመድ ያለ ነገር ከወጣ እትብቱ ነው፤ በዚያው ቅጽበት ይጩኹ።

ጥያቄ፦ «ሁለት ቀን ፈሶ ቆመ። ድኛለሁ፣ ቤቴ ልሂድ?»

መልስ፦ መቆሙ ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት አይደለም። ሕፃኑ ሲሸና ውሃው መልሶ ይሞላል፣ ጭንቅላቱም ለጊዜው ይዘጋዋል፤ ባክቴሪያው ግን መንገዱ ክፍት ነው። ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አይውጡ።

ጥያቄ፦ «ገላዬን መታጠብ እችላለሁ?»

መልስ፦ በሻወር አዎን። ገንዳ ውስጥ መነከር፣ የብልትን ውስጥ መታጠብና የግብረ ሥጋ ግንኙነት ግን አይፈቀዱም።

ጥያቄ፦ «35 ሳምንቴ ነው። አንዱ ሐኪም ዛሬ ውለጂ ሲለኝ ሌላው 37 እስኪሞላ እንጠብቅ ይላል። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ ሁለቱም ሊያስረዱ የሚችሉት ምክንያት አላቸው። ከ34 ሳምንት በፊት፣ ሁሉም ደህና ከሆነ፣ መጠበቅ ይሻላል። 37 ሲሞላ መውለድ ነው። ክርክሩ ያለው መካከሉ ላይ ነው። በ2016 በአውሮፓውያን አቆጣጠር «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ11 አገሮች የሚገኙ 1839 እንደ እርስዎ ያሉ እናቶችን ተከታትሏል። ወዲያው በመውለድና በመጠበቅ መካከል በሕፃናቱ ላይ በታየው ኢንፌክሽን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ወዲያው የተወለዱት ግን የመተንፈስ ችግር በዝቶባቸዋል፤ እናቶቻቸውም በቀዶ ሕክምና የወለዱት ይበዛሉ። በጠበቁት ዘንድ ደግሞ ከወሊድ በፊት መድማትና በምጥ ጊዜ ትኩሳት በርክቷል።

እኔ ብሆን ትኩሳት፣ ደም መፍሰስና የሕፃን መጨነቅ ከሌለ፣ ሆስፒታሉም በየጊዜው የሚከታተልዎት ከሆነ፣ መጠበቁን እመርጥ ነበር። አንድ ነገር ግን ሐሳቤን ያስለውጠኛል፤ በብልትዎ ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከተገኘ ወዲያው መውለዱ ይሻላል። ስለዚህ ከሁለቱ ሐኪሞች አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ሁለቱንም ይህ ናሙና ተወስዶ እንደሆነ፣ ውጤቱም ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው።