የጥር ገንዘብ ታኅሣሥ እንዲደርስ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 8,400 ብር ነው፣ ክረምትም አይቋረጥም። ኪራይ፣ መብራትና ውኃ፣ አስቤዛ፣ ባጃጅና ኢንተርኔት ተደምሮ በወር 10,300 ይወጣል። ማታ ማታ ለስቱዲዮዎች የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ከዚህ ሥራ ጥቅምት 3,000፣ ኅዳር 2,000፣ ጥር 14,000፣ የካቲት 6,000፣ ሚያዝያ 4,000 ገባልኝ፤ አሁን ግንቦት ላይ 9,000 ተቀብያለሁ። ዓምና ሰኔ 2,000 ነበር፣ ሐምሌና ነሐሴ ምንም። መስከረም፣ ታኅሣሥና መጋቢትም ባዶ ናቸው። በዘጠኙ ሺህ ስልክ ልቀይር ወይስ ሳምንታዊ ዕቁብ ልግባበት? ወሩንስ እንዴት ላብቃቃው?»

መልስ፦ ስልኩ ይቆይ። ዘጠኙ ሺህ ሙሉ በሙሉ ባለቤት ያለው ገንዘብ ነው፤ ለምን እንደሆነ የራስህ ቁጥሮች ያሳያሉ።

ደመወዝህ ከቋሚ ወጪህ በ1,900 ብር ያንሳል። ይህ ጉድለት ሠርግ ኖረም አልኖረም በየወሩ ይመጣል፤ ስለዚህ የኤዲቲንጉ ገንዘብ የመጀመሪያ ሥራው እሱን መሙላት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የዓመቱን ገቢ ደምሮ ለ12 ያካፍላል። ያንተ ዓመት ድምሩ 40,000 ነው፣ በወር 3,333 ይደርሳል። ከ1,900 በላይ ስለሆነ የሚያስደስት ቁጥር ነው፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። መስከረም ላይ ባዶ እጅህን ጀምረህ በየወሩ 3,333 ብታወጣ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 13,332 ታወጣለህ። በእነዚህ አራት ወራት የሚገባልህ ግን 5,000 ብቻ ነው። አማካዩ ትክክል ሆኖ ሳለ ገና ጥር ሳይብት 8,332 ብር ዕዳ ውስጥ ነህ።

ማወቅ ያለብህ ቁጥር ሌላ ነው፦ በዓመቱ ረጅሙ ድርቅ ስንት ብር ይበላል? ያንተ ድርቅ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ስድስት ወር በ1,900 ሲባዛ 11,400 ይሆናል። ጳጉሜን ጨምርበት፤ ደመወዝም ኪራይም በአብዛኛው አይታሰብባትም፣ ሆድ ግን 5 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ይበላል። 700 ብር ብንይዝላት 12,100 መጣ። ከዚህ ላይ የጥቅምትንና የኅዳርን 5,000 ስትቀንስ 7,100 ይቀራል። ሰኔ 30 ማታ ይህ ገንዘብ ተቀምጦ ካልተገኘ ክረምቱና መኸሩ በብድር ያልፋሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዘጠኙ ሺህ እንመለስ። የግንቦትን 1,900 ስትቀንስበት የሚቀረው ልክ 7,100 ነው። የሰኔው 2,000 እንደ ዓምናው ከገባ ሰኔን ራሱን ይዘጋል፤ መቶ ብር ይተርፈዋል። የእንቁጣጣሽ ዶሮና ዘይት 10,300ው ውስጥ ካልተካተተ ደግሞ 7,100ውም ያጥራል። እሱን ካሁኑ ከአስቤዛው በየሳምንቱ ትንሽ እየቀነስክ ብታስቀምጥ ይሻላል፤ መስከረም ላይ የሚመጣ ሌላ ምንጭ የለህም።

7,100ውን ደመወዝህ የሚገባበት ሒሳብ ላይ አትተወው። ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ክፈት፣ ሞባይል ባንኪንግም አታስጀምርለት፤ ለማውጣት ቅርንጫፍ ሄደህ እንድትሰለፍ ያድርግህ። ደመወዝ በገባ ማግስት 1,900 ብቻ ታወጣና ከ8,400ው ጋር ትቀላቅላለህ። በወሩ አጋማሽ ሁለተኛ ጊዜ ለማውጣት ከተነሣህ፣ የበዛው ወጪ ኪራይ አይደለም፤ ኪራይ አይለዋወጥምና። አስቤዛውንና ባጃጁን ፈትሽ። በኤዲቲንግ ወራት መብራትንም ተመልከት። ቆጣሪው ከአከራይህ ጋር የጋራ ከሆነ ሌሊቱን የሚያድር ኮምፒውተር ቶሎ ያስወቅሳል። ሥራ በሚበዛበት ወር ተጨማሪውን ራስህ ቀድመህ ብታቀርብ ኪራይ ከመጨመር ይቀላል።

በሚመጣው ጥር ነገሩ ይገለበጣል። ከ14,000ው የጥርን 1,900 ትቀንሳለህ፣ 12,100 ይቀራል። ወዲያው 7,100ውን ለክረምቱ፣ 1,900ውን ለመጋቢት አስቀምጥ። ነፃ የሚሆንልህ 3,100 ነው። ከየካቲቱ 6,000ም የወሩን ስትቀንስ 4,100 ነፃ ነው። ስልክም ሃርድ ዲስክም የሚገዛው ያኔ ነው፤ ግንቦት ላይ አይደለም። የክረምቱን ገንዘብ ለግንቦት ገቢ ብቻ መተው አደጋ አለው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ጊዜ አጭር ነው፣ ስቱዲዮም ክፍያ ያዘገያል።

አንድ ነገር ልብ በል፦ የዓምናን ወራት እንዳለ አትገልብጥ። የሠርጉን ሥራ የሚዘጋው ዐቢይ ጾም ነው፣ እሱ ደግሞ ከፋሲካ ጋር ይንቀሳቀሳል። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፣ በ2018 ግን ሚያዝያ 4። የ55 ቀኑ ጾም በመጀመሪያው ዓመት መጋቢት 2 ገባ፣ በሁለተኛው የካቲት 9። ፋሲካ ሲዘገይ የሚያዝያው ገቢ ወደ ግንቦትና ሰኔ ይገፋል፤ ያኔ መጋቢትን ብቻ ሳይሆን ሚያዝያንም ባዶ አድርገህ 1,900 ጨምርለት። ባሕረ ሐሳቡን ጥቅምት ላይ አይተህ ሠንጠረዥህን በጾሙ ልክ አስተካክል።

መዝገብህ ላይ ገቢን የምትጽፈው ገንዘቡ እጅህ በገባበት ቀን ነው። ሥራውን ያስረከብክበትን ቀን አትጻፍ። ሠርገኛ በቀጥታ መጥቶ ቀብድ ከሰጠህም ገና ያንተ አይደለም። ሠርጉ ቢተላለፍ ወይም ቢቀር ይመለሳል፤ እስክታስረክብ ድረስ ከቁጠባው ሒሳብ አታውጣው። ቀሪውን ክፍያ ደግሞ ሙሉው ቪዲዮ ከመሰጠቱ በፊት ተቀበል። ናሙና ለማየት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከስቱዲዮ ጋር ስትዋዋል «ሠርገኛው ሲከፍለኝ» የሚለውን አትቀበል፤ ቀን አስቆርጥ፣ ለምሳሌ ካስረከብክ በ15ኛው ቀን።

ወደ ዕቁቡ ስንመጣ፣ ሳምንታዊው አይሆንህም። በሳምንት 500 ብር ብትገባ በወር ከ2,000 በላይ ነው፤ ጉድለትህ ከ1,900 ወደ 3,900 ከፍ ይላል ማለት ነው። የድርቁ ስድስት ወር ብቻ ተጨማሪ 12,000 ይጠይቅሃል። ዕጣው ጥቅምት ላይ ቢደርስህ እፎይ ትላለህ፤ መጀመሪያ ወጥቶልህ ከሆነ ግን ነሐሴ ላይ ባዶ እጅህን መክፈልህን ትቀጥላለህ፣ ካቃተህም የሚጠየቀው ዋስህ ነው። ይህን ለመሸፈን በስልክ ወደሚገኝ ብድር መሄድ የአገልግሎት ክፍያም ይጨምርብሃል። የመቆጠብ ልማዱን ከፈለግከው ወርኃዊ ዕቁብ ፈልግ፤ ጥር ላይ ከሚተርፍህ ነፃ ገንዘብ ዙሩን በሙሉ ቀድመህ ማስቀመጥ የምትችለው ያህል ብቻ ግባ። በወር 250 ብር ለ12 ሰው ዕቁብ ዙሩ 3,000 ይሆናል፤ ይህ ከጥሩ 3,100 ይወጣል፣ ለሃርድ ዲስኩ ግን የካቲትን ትጠብቃለህ።