የመምህር መገምገሚያ ፎርም፦ ሁሉንም 1 አክብቤ ያገኘሁት

«ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ የዓመቱን የመምህራን መገምገሚያ ፎርም ልኮልናል። የሒሳብ አስተማሪዋ ደብተር አታርምም። ምን ብዬ ልጻፍ? ልጄ ላይ ቂም እንዳይያዝባት ፈርቻለሁ።»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ልጄም የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። ያንቺም ነገር ከኔ የሚለይ አይመስለኝም።

1. ፎርሙን በልጅሽ ቦርሳ አትመልሺው። አምና እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ከላይ «ስም አይጻፍም» ይላል። አመንኩ። ሞልቼ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ውስጥ አጥፌ ላክሁት። ኮሙኒኬሽን ቡኩን ጠዋት ጠዋት የሚሰበስበው ማነው? የክፍል ኃላፊዋ። የክፍል ኃላፊዋ ማናት? ያቺው የገመገምኳት የልጄ የሒሳብ አስተማሪ! እኔ ስሜን ባልጽፍስ፣ የልጄ ስም በትልቁ የተጻፈበት ደብተር ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። እውነቱን ለመናገር ልጄን ምንም አላደረገችውም። ግን ከዚያ በኋላ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ።

2. ሁሉንም 1 አታክብቢ። ፎርሙ ከ1 እስከ 5 የሚከበብ 10 ጥያቄ ነበረው። «መምህሯ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅታ ትገባለች?» የሚል ሁሉ አለ። እኔ ክፍል ውስጥ አልቀመጥ፣ በምን አውቄ? ተናድጄ ስለነበር 1። ቀጣዩም 1። ከታች ባለችው የአስተያየት ቦታ «ደብተር አታርምም፣ ትጮኻለች፣ ግድ የላትም» ብዬ ጻፍኩ። ምንም ለውጥ ሳላይ ስቀር ዩኒት ሊደሯ ጋ ሄድኩ። ተቀመጥ እንኳ አላለችኝም። «ሁሉን 1 ያደረገ ወላጅ ጠብ አለበት ብለን ነው የምንይዘው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ልጁን «መቼ ነው የጮኸችብህ?» ስለው ግን «እኔ ላይ አይደለም፣ አንድ ቀን ወንበር ለገለበጠው ልጅ ነው» አለኝ። እንግዲህ ዩኒት ሊደሯን በምን አፌ ልውቀሳት?

3. ደብተሩን ቁጠሪ። ዘንድሮ ያደረግሁት ይሄንን ነው። እሁድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ የሒሳብ ደብተሩን ከጥር 15 እስከ መጋቢት 15 ገለጥኩ። 19 የቤት ሥራ አለ። የታረመው 5 ነው። ከ5ቱ በአንዱ ላይ ልጄ 7 × 8 = 54 ብሎ ጽፏል። ራይት ተደርጎለታል! በቀይ፣ በትልቁ። ልጁ ታዲያ 54 ነው ብሎ ይዞ ቁጭ ብሏል። ስጠይቀው «ቲቸር ራይት ብላኛለች» ብሎ ተከራከረኝ። ከአለመታረሙ ይልቅ የባሰው ይሄ ነው፣ ሳይነበብ የሚደረግ ራይት።

ያንን ገጽ ፎቶ አነሳሁ። ፎርሙ ላይ የማውቀውን ብቻ አከበብኩ። የማላውቀው ጥያቄ ጎን «ክፍል ውስጥ ስለሌለሁ አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። በደንብ ለምታደርገው 4 ሰጠኋት፣ ስንደውል ታነሳለች፣ ልጁ ሲታመም ጠይቃለች። ለእርማት 2 ሰጠሁ። ቦታው ስለማይበቃ ወረቀት አያይዤ እንዲህ አልኩ፦ «ከጥር 15 እስከ መጋቢት 15 ከተሰጡት 19 የቤት ሥራዎች የታረሙት 5 ናቸው። የካቲት 11 ቀን የተሳሳተ መልስ ራይት ተደርጓል፣ ፎቶው ተያይዟል። በሳምንት አንድ የቤት ሥራ እንኳ ተነብቦ ቢታረም እጠይቃለሁ።»

በሳምንት አንድ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። አንዲት እዚያ የምታስተምር ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። የሒሳብ አስተማሪዋ አራት ክፍል ነው የምታስተምረው፣ እያንዳንዱ 45 ልጅ። 180 ደብተር በቀን ማን ያርማል? ሁሉም ይታረም ብል ኖሮ «አይቻልም» ብለው ይዘጉት ነበር።

ይሄንን ተራ ቁጥር 4 ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ወሬው ወሰደኝ። ፎርሙን በፖስታ አሽጌ ራሴ ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። ጸሐፊዋ «በልጅዎ ይላኩ፣ በእጅ አንቀበልም» አለችኝ። ከሥራ አስፈቅጄ መጥቼ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆሜ! ንቅንቅ አልልም አልኩ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ወጥተው ተቀበሉኝ። ከመስጠቴ በፊት ግን ሁሉንም ፎቶ አንስቻለሁ። አምና ምን እንደጻፍኩ ዩኒት ሊደሯ ስትጠይቀኝ ግማሹን ረስቼው ነበር፣ አንቺም አንሺ።

ከፋሲካ በኋላ ደብተር በረድፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ሰኞ አንዱ ረድፍ፣ ማክሰኞ ሌላው። የልጄ ረድፍ ሐሙስ ነው። 7 × 8 አሁን 56 ሆኗል። ዩኒት ሊደሯ እስካሁን ተቀመጥ አላለችኝም።