ሥራ ሲቋረጥ ለባንክ የሚጻፍ የእፎይታ ጊዜ ደብዳቤ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከታቦር፣ ሐዋሳ)፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ድርጅቱ ሠራተኛ ቀንሶ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ደመወዝ የለኝም። የቀረብኝ ብድር 240,000 ብር ነው፣ 24 ወር ይቀረዋል፣ ወለዱ 18 በመቶ ነው። በየወሩ 11,982 ብር ይቆረጥብኛል። ለባንኩ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ችግሬን ተረድታችሁ ትብብር እንድታደርጉልኝ» ብቻ ብለው እንዳይጽፉ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይወስንም፣ ወደ ብድር ኮሚቴ ይልከዋል። ኮሚቴው ደግሞ እርስዎን አያይዎትም፣ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ስንት ወር እንደሚፈልጉ፣ በእነዚያ ወራት ምን ያህል መክፈል እንደሚችሉ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ወደ ሙሉው ክፍያ እንደሚመለሱ በቁጥር ይቀመጥ።

በእርስዎ ሁኔታ እኔ የምመክረው 3 ወር ወለዱን ብቻ ከፍሎ የመክፈያ ጊዜውንም በ3 ወር ማስረዘም ነው። የ240,000 ብር የአንድ ወር ወለድ 3,600 ብር ነው። ከ3 ወር በኋላ ዋናው ገንዘብ ሳይጨምር ያው 240,000 ላይ ስለሚሆን፣ በ24 ወር ሲከፋፈል የለመዱት 11,982 ብር ይቀጥላል።

ጥያቄ (ከዚያው ከታቦር)፦ 3 ወር ሙሉ በሙሉ ባቆም አይሻልም ነበር?

መልስ፦ ወለዱ አይቆምም እኮ። ያልተከፈለው በየወሩ ዋናው ላይ እየተደመረ በ3 ወር ውስጥ ዕዳው ወደ 250,963 ብር ይደርሳል። ባንኩ የመክፈያ ጊዜውን በ3 ወር ካስረዘመልዎ ወርሃዊው 12,529 ብር ይሆናል። ሰዉን የሚጎዳው ግን ማራዘሚያውን ሳይጠይቅ እፎይታውን ብቻ ሲጠይቅ ነው። የውሉ ማብቂያ ቀን ካልተነካ ያው ዕዳ በ21 ወር ይጨመቅና ወርሃዊው ወደ 14,020 ብር ይወጣል። አዲስ ሥራ ተገኝቶ ደመወዙ ከበፊቱ ያነሰ ከሆነ ያን ጊዜ መክፈል ያቅታል። ስለዚህ «እፎይታ» እና «ማራዘሚያ» ሁለቱም ቃላት በጉዳዩ መስመር ላይ ይጻፉ።

በእጅዎ ምንም ከሌለ ግን ሙሉውን ማቆም መጠየቅም ነውር የለውም። ዋጋውን አውቀው ይጠይቁ።

አስተያየት (ከመናኸሪያ)፦ ለምን ትቸኩላለች? 3 ወር እስኪሞላ ባንክ አይነካም። የስንብት ክፍያው እስኪገባ ዝም ማለት ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ 90 ቀን ያልከው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ብድሩ የተበላሸ ተብሎ የሚመደበው ያኔ ነው። የቅጣት ወለድ ግን ውሉ ላይ ካለ ካለፈው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ከዚህም በላይ፣ ንጹሕ ብድር ይዞ የመጣ ተበዳሪን ማስተናገድ ለቅርንጫፉ ይቀለዋል። ብድሩ ከተበላሸ በኋላ ጉዳዩ ወደ ማስመለሻ ክፍል ይዞራል፣ መረጃውም ሌሎች ባንኮች በሚያዩት የብድር መረጃ ቋት ውስጥ ይገባል። ቤት በመያዣ ካለ ደግሞ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ የሚያስችለው ሕግ አለው።

ሌላም አለ። በደመወዝ የተወሰደ ብድር ከሆነ አሠሪው «ሠራተኛው ሲለቅ አሳውቃለሁ» ብሎ ለባንኩ ጽፎ ሊሆን ይችላል። የአሠሪው ደብዳቤ ከእርስዎ ቀድሞ ከደረሰ ተደብቀው የቆዩ ይመስላል። የስንብት ደብዳቤው እጅዎ በገባ ሳምንት ውስጥ ያስገቡ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ እኔም እንደዚሁ ነኝ። በቡድን ዋስትና ተበድሬ ባጃጅ ገዝቼ ሞተሯ ተቃጠለ፣ ሁለት ወር ሥራ ፈታሁ። ይህንኑ ደብዳቤ ልጠቀም?

መልስ፦ የአንተ ከሥራ መባረር አይደለም፣ ማስረጃውም ሌላ ነው፦ የጋራዡ ደረሰኝና ባጃጇ መቼ ወደ ሥራ እንደምትመለስ የሚያሳይ ጽሑፍ። የቡድን ዋስትና ስለሆነም ለብቻህ አትጻፍ፣ የቡድኑ አባላት አብረው ይፈርሙ። ያንተ ወር ሲያልፍ የሚጠየቁት እነሱ ናቸውና።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ የስንብት ክፍያዬ ብድሩ በሚቆረጥበት ሒሳብ ነው የሚገባው። ባንኩ ይወስደዋል?

መልስ፦ ሊወስደው ይችላል። ብዙ የብድር ውሎች ባንኩ ያለፈበትን ከማንኛውም ሒሳብዎ እንዲያነሳ ይፈቅዳሉ፣ ስለዚህ ውልዎን ያንብቡ። መጠኑን እናስላው። 5 ዓመት ሠርተው ደመወዝዎ 30,000 ብር ነው ብንል፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ1 ወር ደመወዝ፣ ለቀሪዎቹ 4 ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል፤ 70,000 ብር። በሠራተኛ ቅነሳ ስለሆነ የ2 ወር ደመወዝ ይጨመራል። ከግብር በፊት 130,000 ብር ማለት ነው፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገ ነው።

ይህን ገንዘብ ከባንኩ መደበቅ አያስፈልግም። ይልቅ ከዚህ ላይ የ3ቱን ወር ወለድ 10,800 ብር እከፍላለሁ ብለው ደብዳቤው ውስጥ ያስገቡት። ኮሚቴውን የሚያሳምነው ከየት እንደሚከፍሉ ማሳየትዎ ነው። ደብዳቤው ይህን ይምሰል፦

> ለ______ ባንክ አ.ማ.፣ ______ ቅርንጫፍ፣ ሐዋሳ
>
> ጉዳዩ፦ የ3 ወር የዋና ገንዘብ ክፍያ እፎይታና የ3 ወር የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ስለመጠየቅ
>
> በብድር ውል ቁጥር ______ የወሰድኩትን ብድር እስከ ዛሬ ወር ሳላሳልፍ ስከፍል ቆይቻለሁ፤ ቀሪው 240,000 ብር ነው። አሠሪዬ ሠራተኛ በመቀነሱ የሥራ ውሌ ከ______ ቀን ጀምሮ ተቋርጧል፤ ደብዳቤውን አያይዣለሁ። ስለሆነም ከ______ እስከ ______ ባሉት 3 ወራት ወለዱን ብቻ በወር 3,600 ብር እየከፈልኩ እንድቆይና ከዚያ በኋላ ቀሪው በ24 ወር እንዲከፈል ውሉ እንዲሻሻልልኝ እጠይቃለሁ። የ3ቱ ወር ወለድ ከስንብት ክፍያዬ ይሸፈናል። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሙሉው ወርሃዊ ክፍያ ከሒሳቤ እንዳይቆረጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስደርጉ። ለብድር ሠራተኛው በእጅ ሰጥተው የወጡት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ከቀረ ማስገባትዎን የሚያሳይ ነገር አይኖርዎትም።

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)፦ እኔ ዋስ ነኝ። እሷ እፎይታ ብታገኝ ከእኔ ደመወዝ መቁረጥ ይተዋሉ?

መልስ፦ እፎይታው ከጸደቀና እሷ ወለዱን ከከፈለች ያለፈ ክፍያ ስለማይኖር ከእርስዎ የሚቆረጥበት ምክንያት አይኖርም። ነገር ግን ውሉ ሲሻሻል ባንኩ ዋሶችን ዳግም ማስፈረሙ የተለመደ ነው።

አስተያየት (ከመናኸሪያ)፦ ዋሱ አልፈርምም ቢልስ? እኔ የማውቀው አንዱ በዚሁ ቀረበት።

መልስ፦ ይህ ከባንክ ባንክ ይለያያል። አንዳንዱ ሌላ ዋስ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ጥያቄውን ይመልሳል። እኔ የምለው፣ ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ዋሱን ያነጋግሩ፣ ፈቃደኛ ከሆነም ደብዳቤው ላይ አብሮ ይፈርም። ማሻሻያው ሲመጣ ደግሞ ሳይፈርሙ አዲሱን የክፍያ ሠንጠረዥ ይጠይቁ። የመጨረሻው ክፍያ ቀን በ3 ወር ካልተገፋ የተፈቀደው የጠየቁት አይደለምና እንዲስተካከል ይመልሱት።