ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ላይ ይደርሳል፤ ቫልቭ የሚስተካከለው ግን በአንዱ ብቻ ነው

«ጤና ይስጥልኝ ባለሙያ። የመስኖ ፓምፔ ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር ነው። ፒስተኑን ላይ አድርሼ የቫልቮቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ በትክክል ለካሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ውሃውን እንደ ድሮው አይገፋም፣ ገመዱን ስስበው ደግሞ እጄን መንጭቆ ይመልሰዋል። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ የለካኸው በትክክል ሊሆን ይችላል፤ የለካህበት ቦታ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። በባለ አራት ምት ሞተር አንድ ዙር ሥራ የሚያልቀው ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ነው። ፒስተኑ ወርዶ ድብልቁን ይስባል፣ ወጥቶ ያምቃል፣ ቃጠሎው ገፍቶት ይወርዳል፣ መልሶ ወጥቶ ጭሱን ያስወጣል። ስለዚህ ላይኛው ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ የፍላይዊሉ ምልክትም ሁለቴ ይገጥማል። ካንዴላውም አይነግርህም፤ የፍላይዊሉ ማግኔት በእያንዳንዱ ዙር ኮይሉ ፊት ስለሚያልፍ ብልጭታው በሁለቱም ጊዜ ይመጣል፣ አንዱ ጭሱ መሐል በከንቱ ይጠፋል። የሚለየው ካም ሻፍቱ ብቻ ነው፤ እሱ ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ነው የሚዞረው።

በእመቃው መጨረሻ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው፤ ካሙ አይነካቸውም። በማስወጣቱ መጨረሻ ግን የመውጫው ቫልቭ ገና ተዘግቶ አላለቀም፣ የመግቢያው ደግሞ መከፈት ጀምሯል። አንተ እዚህ ላይ ለክተህ ከሆነ፣ ካሙ የቫልቩን መግፊያ ዘንግ ወደ ላይ በገፋበት ሰዓት ነው ክፍተት የሰጠኸው። ካሙ ሲመለስ ያ ከፍታ በክፍተቱ ላይ ይጨመራል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ከዚህ ነው። ቫልቮቹ ዘግይተው ይከፈታሉ፣ ትንሽ ብቻ ይከፈታሉ፣ ቀድመውም ይዘጋሉ፤ የሚገባው ድብልቅ ስለሚያንስ ፓምፑ ጉልበት ያጣል።

የገመዱ ነገርም ከዚሁ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ካም ሻፍት ላይ፣ በእጅ ሲነሡ በእመቃው ወቅት የመውጫውን ቫልቭ በትንሹ ከፍቶ ግፊት የሚያስተነፍስ መሣሪያ አለ። የሚያነሣው በጣም ጥቂት ስለሆነ ክፍተቱ ከሰፋ ቫልቩ ጋ አይደርስም። ፒስተኑ ሙሉ እመቃ ተሸክሞ በዝግታ ሲወጣ፣ ብልጭታው ከጫፉ ትንሽ ቀድሞ ስለሚመጣ ቃጠሎው ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እስክታስተካክለው ገመዱን አትሳብ፤ እጅህንም፣ ፍላይዊሉን በክራንክ ሻፍቱ ላይ በቦታው የሚይዘውንም ቁልፍ ሊጎዳ ይችላል።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀልና ከቀዳዳው አርቀህ አስቀምጥ፣ ካንዴላውን ፍታ፣ የቫልቩን ክዳን አውርድ። በካርቡራተሩ በኩል ያለው የመግቢያ፣ በማርሚታው በኩል ያለው የመውጫ ቫልቭ ነው። አሁን በቀስታ አዙርና የመግቢያውን ቫልቭ ብቻ ተመልከት። ተጭኖ ወርዶ ተመልሶ ሲዘጋ መሳቡ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የፒስተኑ መውጣት እመቃው ነው። ጫፉ ላይ ስታቆም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ወዝውዘው። ቫልቮቹን የሚጫኑት ሁለቱም ክንዶች ካልተንቀሳቀሱ ቦታው ትክክል ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከወጣ ግን የቀድሞው ቦታ ላይ ነህ፤ አንድ ሙሉ ዙር ጨምር።

የሞተርህ ዓይነት ሆንዳ ጂኤክስ 160 ከሆነ፣ ክፍተቱ በቀዝቃዛው ለመግቢያው 0.15፣ ለመውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። የሌላ ዓይነት ከሆነ ግን የራሱን መመሪያ ተከተል። የመውጫው የሚሰፋው በጭሱ ሙቀት ይበልጥ ስለሚረዝም ነው፤ ካጠበብከው ሲሞቅ ሳይዘጋ ይቀርና ይቃጠላል። የፊለር ጌጁ ቅጠል ያዝ እያደረገ ማለፍ አለበት። ማጥበቂያውን ዳዶ ስታጠብቅ ክፍተቱ ሊቀየር ስለሚችል ማስተካከያውን በሌላ መፍቻ ያዘው፣ ካጠበቅክ በኋላም እንደገና ለካ።

ክዳኑን ከመግጠምህ በፊት ሁለት ሙሉ ዙር በቀስታ አዙር። ፒስተኑ በእመቃው ሲወጣ የመውጫው ክንድ ለአፍታ ጥቂት ብቅ ብሎ ሲመለስ ታያለህ፤ አስተንፋሹ ቫልቩን እየደረሰበት ነው ማለት ነው። ያ እንቅስቃሴ ከሌለ፣ ወይም እያለም ገመዱ እጅህን ከመለሰ፣ የቀረው ምርመራ ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ፍላይዊሉን አውርደህ ቁልፉ አለመቆረጡንና አለመላጡን እይ፤ ቁልፉ ደህና ከሆነ የጎን ክዳኑን ከፍተህ በካም ሻፍቱ ላይ ያለውን የአስተንፋሹን ክብደትና ስፕሪንግ ተመልከት።