የሚሸጥ ቤት በ90 ሰከንድ፦ ከየት ተነስተሽ የት ትጨርሺ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በማርኬቲንግ ተመርቄ ደብረ ማርቆስ አንድ የቤት ድለላ ቢሮ ሥራ አመልክቻለሁ። ለፈተና የሚሸጥ ቪላ በስልኬ ቀርጬ፣ በድምፄም አስረድቼ፣ ከ90 ሰከንድ ያልበለጠ ቪዲዮ እንዳመጣ ነገሩኝ። ምን አስቀድሜ ምን ላስከትል? ምንስ ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩን ከማውጣትሽ በፊት ቤቱን በእግርሽ ዙሪው። እንግዳ ሆነሽ ከመንገድ ጀምረሽ ግቢ፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ጓሮ። የቀረጻሽም ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ብዙ ሰው በሚያምረው ሳሎን ይጀምርና ወደ በር ይመለሳል። ከዚያ መኝታ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ግቢ። ተመልካቹ ክፍሎቹን ያያል እንጂ ቤቱን አያውቀውም።

እንደ ምሳሌ 250 ካሬ ላይ ያረፈ፣ ሦስት መኝታ ያለው፣ ከጀርባው ሰርቪስ ያለበት ቪላ እንውሰድ። ከመንገድ እስከ በሩ 8 ሰከንድ ይበቃል። ግቢውና የቤቱ ፊት 16፣ ሳሎን 15፣ መኝታ ቤቶቹ 20፣ መታጠቢያና ማድ ቤት 12፣ ሰርቪሱና የውሃ ሮቶው 12። በቀረችው 7 ሰከንድ ከጓሮ ወደ ፊት ተመልሰሽ ግቢውን ሙሉ አሳዪና ጨርሺ። መንገዱን አትዝለዪው። ገዢ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ቤቱ ከአስፋልት ምን ያህል እንደሚርቅና መኪና እንደሚያስገባ ነው።

ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች ሁለት ሁለት ጊዜ ቅረጪ። አንዱን በሩ ላይ ቆመሽ፣ ሌላውን ከተቃራኒው ማዕዘን በሩን እያየሽ። ሁለተኛው ነው በሩ የት እንዳለ የሚነግረው። ከሳሎን ስትወጪ ካሜራው ወደ ኮሪደሩ በር እየሄደ ይቆረጥ፤ ቀጣዩም ከዚያው በር ይጀምር። ስልኩን ደረትሽ አካባቢ ያዢው፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ ግድግዳው ጠማማ ይመስላል። በ0.5x የሚቀርጸውን ሰፊ ሌንስ ለመታጠቢያ ቤት ብቻ ተጠቀሚበት። ሳሎኑን በእሱ ካሳየሽው አዳራሽ ያክላል፤ ገዢው በአካል ሲመጣ ፊቱ ይቀየራል።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ የቤቱ ፊት ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቅረጪ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። በክረምት ግን ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋትን አትልቀቂ። ውስጥ ስትገቢ መስኮቱን ፊት ለፊት ካየሽ ክፍሉ ይጨልማል፤ ጀርባሽን ለመስኮቱ ስጪው። የቤተሰብ ፎቶ፣ የመኪና ሰሌዳና ውሻው ከእይታ ይውጡ።

አሁን ወደ ንግግሩ። «ይህ ሳሎን ነው፣ ይህ ማድ ቤት ነው» አትበዪ፤ ያየዋል። አንቺ የምትነግሪው ካሜራው የማያሳየውን ነው። ለዚያ ቪላ እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦

«ደብረ ማርቆስ፣ ከአስፋልት በኮብልስቶን 150 ሜትር ገባ ብሎ። ስፋቱ 250 ካሬ፣ ግቢው ሁለት መኪና ያቆማል።» (መንገድ፣ በር፣ ግቢ)

«ሳሎኑ አምስት በአራት ነው። የጠዋት ፀሐይ ያገኛል።» (ሳሎን)

«ሦስት መኝታ አለው፤ ዋናው የራሱ ሻወር አለው። እዚህ ኮርኒሱ ላይ የምታዩት የድሮ ፍሳሽ ነው፤ ቆርቆሮው ተቀይሯል።» (መኝታ ቤቶች)

«ውሃ በፈረቃ ነው። ለዚህ 2,000 ሊትር ሮቶ ተሰቅሏል። ከጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለ፤ አሁን ተከራይቷል።» (ጓሮ)

«ካርታና ፕላን አለው። ዋጋው ይህን ያህል ብር፣ ድርድር አለው። ከታች ባለው ስልክ ይደውሉ።» (ማጠቃለያ)

የኮርኒሱን እድፍ መናገርሽ ሳያስገርምሽ አይቀርም። ግን ገዢው አዲስ አበባ የሚኖር ሊሆን ይችላል። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ አባይ በረሃን አቋርጦ መጥቶ እድፉን ያኔ ካየው ቢሮው ደንበኛ አጣ ማለት ነው። ቆርቆሮው በእርግጥ መቀየሩን ግን ወጥተሽ እዪ። ካርታውንም በዓይንሽ ሳታዪ «አለው» አትበዪ፤ የካርታው ቁጥርም ቪዲዮው ላይ አይታይ።

ድምፁን እዚያው እየተራመድሽ አትቅጂ፤ ትንፋሽሽና የባጃጅ ጥሩምባ ይገባበታል። ቤትሽ ገብተሽ፣ ልብስና ብርድ ልብስ በበዛበት ክፍል ቅጂውና ምስሉ ላይ ግጠሚው። አስቀድመሽ ጮክ ብለሽ በሰዓት እያየሽ አንብቢው። ከ90 ሰከንድ ካለፈ ቃል ቀንሺ እንጂ አትሩጪ።

ከማስረከብሽ በፊት ቤቱን ላላየች ጓደኛ አሳዪያትና ክፍሎቹን ወረቀት ላይ እንድትሥል ጠይቂያት። ማድ ቤቱን ሳሎኑ ባለበት በኩል ካስቀመጠችው፣ ችግሩ እዚያ አካባቢ ያለው መቁረጫ ላይ ነው፤ ከዚያ በር ያለውን ብቻ ደግመሽ ቅረጪ። ቢሮው ስትሄጂም ሥዕሉን ከቪዲዮው ጋር ይዘሽ ሂጂ፤ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደቀረጽሽ ሲጠይቁሽ እሱን እያሳየሽ ታስረጂያቸዋለሽ።