የገበሬ ማሳ ቅርስ ነው እንዴ?

«አክሱምና ላሊበላ ይገባኛል፤ እርከንና የእግር መንገድ ግን በምን ሂሳብ ነው ቅርስ የሚባለው?»

ኮንሶን እንይ። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ተራራው ላይ የተነባበረውን እርከንና በካብ የታጠሩትን መንደሮች አንድ ላይ ነው። ካቡ ጭቃም ሲሚንቶም የለውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ዝናብ ሲጥል አፈሩ ይቀራል፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ ትርፉ ደግሞ በማፍሰሻው በኩል ወደ ታችኛው እርከን ይወርዳል።

ማፍሰሻው ከተደፈነ ግን ጉድ ነው። ውሃው ከካቡ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ካቡም ሆዱ ይነፋል። ያኔ ያንን ቦታ አፍርሶ እንደገና መካብ ነው፤ ዝም ከተባለ ይናድና ከታች ያለውን የጎረቤት ማሽላ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ካቡ የማሳ ድንበር ብቻ አይደለም፣ ከላይና ከታች ያሉትን ገበሬዎች የሚያስተሳስር ውል ነው። ከ400 ዓመት በላይ የቆየውም በየትውልዱ እየተጠገነ ነው (ሐውልት ቢሆን ዝም ብሎ ይቆም ነበር)።

መንገዱስ? እሱ ሲዘጋ ሰው በካቡ ላይ መንጠላጠል ይጀምራል፣ የላይኛው ድንጋይ ይላቀቃል፣ መናዱ የሚጀምረውም ከዚያች ቦታ ነው።