አዲሱ ምጣድ በስንት ይውጣ? የዋጋ ጥያቄዎችና መልሶች

አንድ የወርክሾፕ ባለቤት በሚቀጥለው ወር አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊያወጣ ነው። ከሸክላው ሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር አስገብቶበታል። ስለዚህ ቶሎ ይግላል፣ መብራትም ይቆጥባል። በወር ከ60 በላይ መሥራት አይችልም። በሰፈሩ ተራው ምጣድ 8,500 ብር ነው። እኔ ዋጋ ማውጣት ላይ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሂሳቡን እዚሁ እንሥራው አልኩት፣ ተስማማ። ጠይቁ።

«ጋሼ፣ ለአንዱ ምጣድ ዕቃና የእጅ ዋጋ 6,500 ይፈጅብኛል። ኪራይና ደመወዝ በወር 90,000 ነው። ለ60 ሳካፍለው አንዱ 8,000 መጣ። 25 በመቶ ጨምሬ 10,000 ልበል?»

ድምሩ ልክ ነው። የሚያሳስበኝ 60 የምትለው ነው፤ ገና አልተሸጠማ! 30 ብቻ ከሸጥክ ያው 90,000 ለ30 ይካፈላል፤ አንዱ ምጣድ 9,500 ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ 25 በመቶ ስትጨምር ወደ 11,900 ትሄዳለህ። ገዢ ስለጠፋ ዋጋ ልትጨምር ነው እንግዲህ። ወጪ ላይ መቶኛ ጨምሮ ዋጋ ማውጣት፣ ኮስት ፕላስ የሚባለው፣ ብቻውን ሲነዳህ የሚያደርስህ እዚህ ነው።

6,500ዋን ያዝ። ከሷ በታች ከሸጥክ በእያንዳንዱ ምጣድ ከኪስህ እየጨመርክ ነው። ከሷ በላይ ስንት እንደምትሄድ ግን የሚነግርህ ገዢው እንጂ ደረሰኝህ አይደለም። አንድ ነገር ልጨምር፦ 6,500 ያልከው ዕቃውን የገዛህበት ነው ወይስ ነገ የምትተካበት? ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በድሮው ግዢ ያሰላ ሰው ሁሉን ሸጦ በገንዘቡ ግማሹን ዕቃ ብቻ ሊመልስ ይችላል።

«ምን ችግር አለው? 25 በመቶ ጨምሮ ለሱቅ 20 በመቶ ቢለቅ፣ 5 በመቶ ይተርፈዋል። እኔም ሱቄ ውስጥ እንደዚሁ ነው የማሰላው።»

ለሱቁ የሚለቀው ነገር እንዳለ ማስታወስህ ጥሩ ነው፤ እሱ ረስቶት ነበር። ግን እስቲ በብር አስላው። 8,000 ላይ 25 በመቶ 2,000 ነው፤ 10,000 ሆነ። ከ10,000 ላይ 20 በመቶ ስትለቅስ? 2,000 ነው። ተመልሰን 8,000 ላይ ነን። የተረፈ የለም። የጨመርከው ከወጪው፣ የለቀቅከው ከመሸጫው ስለሆነ ሁለቱ መቶኛ አይቀናነሱም። ሱቅህን ደግመህ ብታየው አይከፋም።

ቫትም አለ። 10,000 ቫትን ጨምሮ ከሆነ ለሻጩ የሚቀረው ወደ 8,700 ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ያለ ቫትና ከወርክሾፑ በቀጥታ ሲሸጥ ናቸው።

«እኔ ብሆን በ8,000 እጥለው ነበር። ከተራውም ያንሳል። ሌሎች ኮርጀው ሳያወጡ ገበያውን ይያዝ። ፔኔትሬሽን ማለት ይሄ አይደል?»

ነው። በወር 300 ቢሠራ ኖሮ ካንተ ጋር ነበርኩ። ግን 60 ነው።

በ10,000 ቢሸጥ ከአንዱ 3,500 ያገኛል። በ8,000 ሲሆን 1,500። 90,000ዋን ለመሸፈን ብቻ ስልሳውንም መጨረስ አለበት፣ ለራሱ አምስት ሳንቲም ሳይዝ። በ10,000 ስልሳውን ሲሸጥ የሚያገኘውን ለማግኘት ደግሞ በ8,000 ሂሳብ 140 ምጣድ ያስፈልገዋል። በምን እጁ ይሠራዋል?

ሌላም አለ። ተራው 8,500 በሚሸጥበት ገበያ የተሻለውን በ8,000 ያገኘ ነጋዴ በ8,000 አይሸጥልህም። ዕቃው ጥቂት መሆኑን ሲያውቅ 10,500 ይለዋል። ቅናሹ ቤት ለሚጋግሩት እናት ሳይደርስ መሃል ላይ ይቀራል። አንድ ሰሞን የሠራሁበት ድርጅት ይህንኑ ሠርቷል። ዕቃችን ሱቅ ውስጥ ከኛ ዋጋ በሩብ በልጦ ስናየው ነው የነቃነው።

መኮረጁን በተመለከተ ግን ስጋትህ እውነት ነው። ማንም ምጣዱን ፈትቶ ማየት ይችላል። ዋጋው ከፍ ሲል ደግሞ ለመኮረጅ የሚቋምጠው ይበዛል። ለዚህ ንጹህ መልስ የለኝም። ቢሆንም እኔ በ12,500 ይጀምር ባይ ነኝ።

«ታዲያ በ12,500 ማን ይገዛዋል? ሰው እኮ ኑሮ ከብዶታል።»

ሁሉም እንዲገዛው አያስፈልግም። በ12,500 ከአንዱ 6,000 ይገኛል። 35 ብቻ ቢሸጥ በ10,000 ስልሳ ከመሸጥ ጋር እኩል ነው። 15 ሲሸጥ የወሩ ወጪ ተሸፍኗል። ስኪሚንግ የሚባለው ይሄ ነው፤ ቀድሞ መግዛት ለሚያዋጣው ሰው በውድ ትጀምራለህ፣ በኋላ ትወርዳለህ።

ማን ነው የሚያዋጣው? በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት አይደለም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ ቢጨምርም፣ ለአንድ ቤት ከተራው ምጣድ ያለው የ4,000 ብር ልዩነት በመብራት ቁጠባ ብቻ ቶሎ አይመለስም። እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ሴት ግን ሌላ ናት። ቶሎ ስለሚግልላት በቀን 20 እንጀራ ቢጨምርላትና ከአንዱ 3 ብር ብታተርፍ፣ በቀን 60 ብር ነው። ልዩነቱ በ67 የሥራ ቀን ይመለሳል። 20 እና 3 የኔ ግምት ናቸው። ባለ ምጣዱ ሁለት ጋጋሪዎች ጋ ሄዶ፣ በራሳቸው ሊጥ አስጋግሮ፣ በሰዓት ይለካ። አምስት እንጀራ ብቻ ከጨመረ 12,500 አይሄድም፤ እኔም ቃሌን አነሳለሁ።

ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ጆሮህን ጣል። ሁሉም ሳይከራከር ከገዛ ዋጋው ረክሷል። ጠይቀው፣ ተከራክረው ከሄዱ ግን ቶሎ አትቀንስ። ምናልባት ዋጋው ሳይሆን «እውነት ቶሎ ይግላል?» የሚለው ነው ያልተዋጠላቸው።

«በኋላ ሲቀንስ ቀድመው የገዙት አይሰድቡትም?»

ይሰድቡታል። አፕል የመጀመሪያውን አይፎን በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. በ599 ዶላር አውጥቶ፣ በመስከረም መጀመሪያ 399 አደረገው። ቀድሞ የገዛው ሰው በጣም ስለተቆጣ ኩባንያው ለያንዳንዳቸው የ100 ዶላር መግዣ ሰጣቸው። ቁጣው የመጣው መቀነሱ ብቻ ሳይሆን በሁለት ወር መሆኑ ነው። እኔ ያንኑ ምጣድ ከመቀነስ፣ ከስድስት ወር በኋላ ቀለል ያለ ለቤት የሚሆን ሞዴል በ9,500 ባወጣ እመርጣለሁ። የጋጋሪዋ ምጣድ ዋጋው እንዳለ ይቆያል።

«እኔ ፈሳሽ ሳሙና ነው የምሠራው። እኔም በውድ ልጀምር?»

አይ እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው። ሳሙናሽን ከጎኑ ካለው የሚለየው ምንድነው? ገዢ በሰከንድ ያወዳድራል። ግን በየወሩ ተመልሶ የሚገዛው ዕቃ ስለሆነ በርካሽ መግባት ላንቺ ሊያዋጣ ይችላል። የሊትሩን ዋጋ አትስበሪ እንጂ፣ ትንሽ ጠርሙስ በርካሽ አውጪ። የወረደ የሊትር ዋጋ መልሶ ማውጣት መከራ ነው።

«ዋሽንግተን ነው ያለሁት። 20 ምጣድ ልውሰድና የብሩን ዋጋ በዶላር መንዝሬ ማጓጓዣ ብጨምርበትስ?»

ወንድሜ፣ ከዋጋው በፊት ሶኬቱ! እዚህ 220 ቮልት ነው፣ እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ተራ ሶኬት 120። ሲሰካ በደንብ አይግልም። ሌላ ምጣድ ነው የሚያስፈልግህ፤ የሌላ ምጣድ ወጪ ደግሞ ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ጋጋሪዎች አግኝቻለሁ፣ ቅዳሜ እንለካለን። ባለቤቴ ግን 9,900 ካልሆነ አይሸጥም ብላለች።»

እሷ በሐሳቧ የምትሸጠው ለማን ነው? ለጎረቤቶቿ ከሆነ ልክ ናት። ጠይቃትና ከቅዳሜው ልኬት ጋር ይዘህልኝ ና።